ብብት ሙሉ ሳይጸዳ ሁለት ሦስት ንፍፊት ብቻ ማውጣት ይበቃል? (ጡት ካንሰር፣ ጎንደር)

የማራኪው ታናሽ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ማራኪ ነው። ታላቅ እህቴ 46 ዓመቷ ነው። ቀኝ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች፤ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ካንሰር ነው ተባለ። በአልትራሳውንድ ሲለካ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በሆርሞን የሚነዳ ዓይነት ነው፤ ኸር ቱ የሚባለው ግን የለበትም ብለውናል። ደረቷም ጉበቷም ታየ፤ ሌላ ቦታ ምንም የለም።

ብብቷ በእጅ ሲዳሰስ ምንም አይገኝም። አልትራሳውንዱ ግን «አንድ ንፍፊት ሽፋኑ 4 ሚሊ ሜትር ወፍሯል» ይላል። ከሱ ላይ በቀጭን መርፌ ቀዱ፤ የካንሰር ሕዋስ አልታየም ተባለ።

አሁን ቀዶ ጥገናው ተቀጥሯል። ጡቱ ሙሉ በሙሉ ይነሳል። ጡቱን አትርፎ እብጠቱን ብቻ ማውጣት ይቻል ነበር፤ ግን ከዚያ በኋላ ጨረር የግድ ነው አሉን። እሷ ደግሞ ልጆቿንና ሱቋን ጥላ አዲስ አበባ ወረፋ ልትጠብቅ አትፈልግም። እሺ፣ እሱ የሷ ውሳኔ ነው።

ግራ የገባን የብብቱ ነገር ነው። ሐኪሙ «ብብቷን ሙሉ አላጸዳም። ሰማያዊ ቀለም እወጋለሁ፤ ቀለሙ የሚደርስባቸውን ሁለት ሦስት ንፍፊቶች ብቻ አውጥቼ አስመረምራለሁ» አለን። አጎታችን ደግሞ «ከጀመሩ አይቀር ሁሉንም ጠራርገው ያውጡት፤ ምን ይሠራላታል!» ይላል። እውነት ለመናገር እኔም የአጎቴን ሐሳብ ነው የምወደው። ሌላው ውስጥ ቢቀርስ?

ሚትሚጣ

ወንድሜ፣ አጎትህ ልክ ነው። ካንሰር ንፍፊት ላይ ከደረሰ ደም ውስጥ ገባ ማለት ነው። ስቴጅ 4 ነው። ስለዚህ ሳይደርስ ሁሉንም ማውጣት ነው። ለቁጠባ ሲሉ ነው ትንሽ የሚያወጡት፣ የሰርጀሪ ሰዓት ለማሳጠር።

ሌሊት ተረኛ

ሰርጀሪ ላይ ነኝ፤ የት እንደምሠራ አልናገርም። ሚትሚጣ፣ ግማሹን ልክ ነሽ፣ ግማሹ ግን ሰው ያስደነግጣል። የብብት ንፍፊት የጡቱ ሰፈር ነው። እዚያ መድረሱ ስቴጁን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ስቴጅ 4 አያደርገውም። ስቴጅ 4 የሚባለው አጥንት፣ ጉበት፣ ሳንባ ወይም አንጎል ላይ ሲገኝ ነው። የዚህች እህት እብጠት 2.5 ሴንቲ ነው። ንፍፊቱ ንጹሕ ከሆነ ሁለት ኤ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ንፍፊት ካለበት ሁለት ቢ ይሆናል። ሁለቱም ለመዳን የሚታከም ደረጃ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። ከጡት የሚወጣው ሊምፍ ወደ ብብት ሲሄድ በአንድ ጊዜ ሁሉም ንፍፊት ላይ አይፈስም። መጀመሪያ የሚቀበሉት አንድ ወይም ጥቂት ናቸው። ካንሰሩ ከተጓዘም ብዙውን ጊዜ እነሱን ቀድሞ ነው የሚነካው። እነዚያ ንጹሕ ከሆኑ የኋለኞቹም ንጹሕ የመሆናቸው ዕድል በጣም ከፍ ያለ ነው። ዘዴው በቆዳ ካንሰር ላይ በ1992 በሰማያዊ ቀለም ታትሞ ታወቀ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ ጡት መጣ። በሀብታም አገሮች ጨረር የሚያመነጭ ፈሳሽና መፈለጊያ መሣሪያም አብረው ይጠቀማሉ። እኛ ዘንድ በአብዛኛው ያለን ሰማያዊው ሜቲሊን ብሉ ነው። ርካሽ ነው፤ ይሠራልም።

«ለምን ሁሉንም አናወጣም» ለሚለው መልሱ ክንዷ ነው። ብብት ሙሉ ሲጸዳ ከአምስት ሴቶች የአንዷ ያህል ክንድ በጊዜ ያብጣል። በዚህ ዘዴ ከሃያ አንዷ ያህል ናት። ንጹሕ ንፍፊት ማውጣቱ ዕድሜ አይጨምርላትም፤ ክንዷን ግን ሊያስከፍላት ይችላል።

የአዘዞዋ

እኔ ከተሰራሁ ቆይቷል። ያኔ ስለ ቀለም የነገረኝ ሰው የለም፤ ሁሉንም አወጡ፣ ሁሉም ንጹሕ ሆነ። ደስ አለኝ። ከዓመት በኋላ ቀለበቴ ጣቴን ጥርቅም አድርጎ ያዘው። መጀመሪያ ውፍረት መስሎኝ ነበር። ከዚያ የቀሚሴ እጅጌ ግራው ይገባል፣ ቀኙ አይገባም።

እንጀራ የምጋግረው በዚያው እጄ ነው። ምጣዱ ክንዴን ላፍ ያደረገኝ ጊዜ ቀልቶ እስከ ትከሻዬ ወጣ፣ ትኩሳት ያዘኝ፣ ሆስፒታል ተኛሁ። አሁን ረጅም ጓንት አድርጌ ነው የምጋግረው። የክንዴ የላይኛው ውስጥ ጎንም እስከ ዛሬ ደንዝዟል።

ልጄ፣ እህትህን «ሁሉንም ይጥረጉት» ብላችሁ አትገፏት። ደግሞም አጎትህን ጠይቅልኝ፣ የሱ ክንድ ነው?

ሚትሚጣ

እትዬ አይዞሽ። ግን አንቺ በሕይወት አለሽ አይደል? ክንድ ከሕይወት አይበልጥም እኮ።

የአዘዞዋ

ሁሉም ንጹሕ ነበር አልኩሽ እኮ። ባይወጡም በሕይወት እኖር ነበር።

ደባርቄው

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። አባቴ የአንጀት ካንሰር ነበረው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ወረቀቱ ላይ «9 ንፍፊት ብቻ ነው የተገኘው፤ ቢያንስ 12 ያስፈልግ ነበር» ተብሎ ተጻፈ። በዚያ ምክንያት ኬሞ ይውሰድ አይውሰድ ብዙ ተከራከሩ። ታዲያ ለእሱ 9 አነሰ ከተባለ ለእናንተ እህት ሦስት እንዴት ይበቃል? አንዱ ሐኪም ተሳስቷል ማለት ነው።

ሌሊት ተረኛ

ማንም አልተሳሳተም። አንጀት ሲቆረጥ ንፍፊቶቹ ከያዛቸው ስብ ጋር አብረው ይወጣሉ። እነሱን ማውጣት የሚያሳብጠው ክንድ የለም። ስለዚህ ትርፉ ብዙ ሆኖ መቆጠሩ ላይ ነው፤ ጥቂት ብቻ ከተቆጠሩ «ንጹሕ» የሚለው ቃል አይታመንም። አንዳንዴ ንፍፊቱ ጠፍቶ ሳይሆን ከስቡ ውስጥ በደንብ ስላልተፈለገ ነው ቁጥሩ የሚያንሰው። ጡት ላይ ግን ጥያቄው «ስንት» ሳይሆን «የትኛው» ነው።

ስላይድ ቆራጭ

ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። በ9 ንፍፊት ጉዳይ እውነቱን ነው። ሐኪሞች ናሙናውን በጠባብ ማሰሮ ጨምቀው፣ ፎርማሊኑን ቆጥበው ይልኩልንና «ለምን አነሰ» ይሉናል።

ስለ ቀለሙ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእህትህ ጉዳይ የሚያስፈልግ ይመስለኛል። ዘዴው የሚያመልጠው ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ5,600 በላይ ሴቶች የገቡበት ትልቅ ጥናት ነበር፣ ቢ 32 ይባላል። ንፍፊታቸው ካንሰር ካለበት ሴቶች መካከል ከ100 ወደ 10 ገደማ የሚሆኑት ላይ የመጀመሪያዎቹ ንፍፊቶች ንጹሕ ሆነው ከኋላ ያለው ካንሰር የያዘው ሆኖ ተገኝቷል። ሆኖም ብብታቸው ሙሉ በጸዳውና የመጀመሪያዎቹ ንፍፊቶች ብቻ በወጡላቸው ሴቶች መካከል በሕይወት መቆየት ላይ ልዩነት አልታየም። ኬሞውም የሆርሞን መድኃኒቱም የቀረውን ይመታል ተብሎ ይገመታል።

ከሚያመልጥባቸው ምክንያቶች ዋናው ይህ ነው። ንፍፊቱ በካንሰር ከሞላ በሩ ይዘጋል። ሊምፉ ወደ እሱ መግባት አቅቶት ወደ ጎረቤቱ ይዞራል። ቀለሙም አብሮ ይዞራል። ሰማያዊ የሆነው ንጹሑ ነው፤ የታመመው ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ጥሩ ሰርጀን ሰማያዊውን አውጥቶ አይዘጋም። ጣቱን አስገብቶ ይዳስሳል። ጠንከር ያለ ካገኘ፣ ሰማያዊ ባይሆንም፣ ያወጣዋል።

አልትራሳውንዱ ላይ አንድ ንፍፊት 4 ሚሊ ወፍሯል ተብሏል አይደል? ብዙዎቹ ከ3 ሚሊ በላይ ሲሆን ይጠራጠራሉ። በመርፌ የተቀዳው ንጹሕ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ግን ቀጭን መርፌ የሚያወጣው ጠብታ ነው። ከንፍፊቱ አንድ ጥግ ያለውን ሊያልፈው ይችላል። ሐኪሙ ያን ንፍፊት እንዲፈልገው አስታውሱት።

የማራኪው ታናሽ

ስላይድ ቆራጭ እግዜር ይስጥልኝ። እሱን ማንም አልነገረኝም። ወረቀቱን ይዤ እጠይቃለሁ።

አንድ ጥያቄ። ጎረቤት ያለች ሴት «ቢላ ሲነካው ይሰራጫል» ብላ እህቴን አስፈራርታታለች። እህቴ ከዚያ ወዲህ «መጀመሪያ ጠበል ልግባ» እያለች ነው።

የአዘዞዋ

ጠበሉንም ትግባ፣ ቀጠሮውንም ትያዝ። እኔ ሁለቱንም ነው ያደረግኩት። ብቻ ቀጠሮው እንዳያልፋት። እኔ የማውቃት አንዲት የዳባት ሴት «ከጠበል መልስ» እያለች እብጠቱ ቆዳዋን ቀዶ ወጣ። ያኔ ቀለም ምን፣ መዳን ምን።

ሌሊት ተረኛ

እትዬ የነገሩት ትክክል ነው። ቢላው አያሰራጨውም፤ የሚያሰራጨው ጊዜ ነው። የቀለሙ ዘዴም የሚሠራው ብብቱ በምርመራ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ነው። በእጅ የሚዳሰስ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ ንፍፊት ይዛ ለምትመጣ ሴት አናደርገውም። በመርፌ አረጋግጠን ወይ ኬሞ እናስቀድማለን ወይ ብብቱን እናጸዳለን። አብዛኞቹ ታካሚዎቻችን የሚመጡት በዚህ ሁኔታ ነው።

ቀዶ ጥገናው ሲደረግ የምታዩትን ልንገርህ፣ እንዳትደነግጡ። ካደነዘዝናት በኋላ አንድ ፐርሰንቱን ሜቲሊን ብሉ በሳላይን አቅጥነን ጥቂት ሚሊ ሊትር ከጡቱ ጫፍ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክብ ሥር እንወጋለን። ቆዳው ውስጥ ሳይሆን ከሥሩ መሆን አለበት። ቆዳው ውስጥ ከገባ ቆዳውን ሊያቆስለው፣ ሊገድለውም ይችላል። ከዚያ አምስት ደቂቃ ያህል እናሻለን። ብብት ላይ ትንሽ እንቀድና ሰማያዊ ክር የመሰለ መስመር እንፈልጋለን። እሱን ተከትለን ስንሄድ ንፍፊቱ ጋ ያደርሰናል። መስመሩን ቶሎ ሳናገኘው እየቀደድን የምንዞር ከሆነ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይሆንና ይጠፋብናል። ይሄ የጀማሪ ችግር ነው።

ማደንዘዣ ሰጪው ጣቷ ላይ ያለው ኦክስጅን መለኪያ ድንገት ወርዶ ሊያይ ይችላል። ኦክስጅኗ ወርዶ ሳይሆን መለኪያውን ቀለሙ አሳስቶት ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ግን በደንብ ሳያጣሩ «ቀለሙ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ሽንቷ ደግሞ ለአንድ ሁለት ቀን አረንጓዴ ይሆናል። ቤተሰብ ደንግጦ ሲሮጥ የመጣበት ቀን አለ።

ፋርማሲ ጥግ

አንድ ነገር። እህትህ የጭንቀት ወይም የድብርት መድኃኒት ትወስዳለች? ፍሉኦክሰቲን ወይም መሰሉን? ሜቲሊን ብሉ ከነዚያ ጋር ሲገናኝ ሴሮቶኒን የሚባለውን ከመጠን በላይ ያደርገዋል፤ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ መዘላበድ ያመጣል። እንዲሁ ማቋረጥም አይሆንም፤ ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ይፈጃል። እርጉዝ ለሆነች ሴትም አይወጋም። ለሐኪሙም ለማደንዘዣውም አስቀድማችሁ ንገሩ። ሰው የአእምሮ መድኃኒት ሲወስድ ለሰርጀን መናገር ያፍራል፤ አላውቅም ለምን።

የማራኪው ታናሽ

ምንም አትወስድም። እግዜር ይስጥልኝ።

---

የማራኪው ታናሽ

ሰላም። እህቴ ተሰርታ ወጥታለች። ሽንቷ በእርግጥም አረንጓዴ ሆነ፤ በዚያ ብቻ ሳቀች።

ሐኪሙ ሦስት ሰማያዊ ንፍፊት አገኘ። የአልትራሳውንዱን ወረቀት አስታውሼው ስለነበር ዳሰሰና አንድ ጠንከር ያለ፣ ሰማያዊ ያልሆነ ንፍፊትም አወጣ። በአጠቃላይ አራት። ከዚያ ውጤቱን መጠበቅ ነው፤ በቀዶ ጥገናው ሰዓት ወዲያው አይተው የሚነግሩበት ምርመራ አላደረጉም።

ውጤቱ ዛሬ መጣ። ሦስቱ ሰማያዊዎቹ ንጹሕ ናቸው። አራተኛው፣ ያ ሰማያዊ ያልሆነው፣ ውስጡ 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን ካንሰር አለበት። ወረቀቱ «ኤን 1፣ 1 ከ4» ይላል።

አሁን ምን እናድርግ? አጎቴ «አላልኳችሁም?» እያለ ነው።

ሚትሚጣ

አየህ! ስለዚህ ቀለሙ ዋሸ። ሙሉ ቢጸዳ ኖሮ ነገሩ ያለቀ ነበር።

ስላይድ ቆራጭ

ቀለሙ አልዋሸም፤ ከላይ የጻፍኩት ነው የሆነው። በካንሰር የተያዘው ንፍፊት ቀለሙን አላስገባም፣ ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ። ጣት ያገኘውን ቀለም አላገኘውም። ሰርጀኑ ሦስቱን ብቻ አውጥቶ ዘግቶ ቢሆን ኖሮ «ኤን ዜሮ» ተብላ ትወጣ ነበር። በመርፌ የተቀዳውም አልፎት ነበር ማለት ነው።

6 ሚሊ ከ2 ሚሊ ስለሚበልጥ ሙሉ ካንሰር ያለበት ንፍፊት ይባላል። ከ0.2 እስከ 2 ሚሊ ቢሆን ኖሮ ጥቃቅን ይባልና ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ቀዶ ጥገና አያስጠይቅም። ለዚህ ነው ንፍፊቱን ሁለት ሁለት ሚሊ አድርገን የምንቆርጠው። መሐሉን አንዴ ብቻ ቆርጦ የሚያይ ላብራቶሪ ጥግ ላይ ያለችውን አያገኛትም። በስንት እንደተቆረጠ ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ጠይቁ።

ሌላ ጥያቄም አለኝ። ካንሰሩ ከንፍፊቱ ቆዳ ውጭ ወጥቷል ወይስ ውስጥ ነው? ወረቀቱ ይላል?

የማራኪው ታናሽ

ስለሱ ምንም የለም። ልኩን፣ ቁጥሩን፣ «1 ከ4» የሚለውን ብቻ ነው ያየሁት።

ሌሊት ተረኛ

እንግዲህ አስቸጋሪው ጥያቄ መጣ። ልዘርዝረው፣ ምክንያቱም ሐኪሞች ራሳችን የምንከራከርበት ነው።

በአንድ ትልቅ ጥናት፣ ዜድ 0011 በሚባለው፣ ጡታቸው የተረፈላቸውና አንድ ወይም ሁለት ንፍፊት የተያዘባቸው ሴቶች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ብብቱ ሙሉ ጸዳ፣ ሌላው ተተወ። ሁለቱም ጡታቸው ላይ ጨረር ወሰዱ። ከ10 ዓመት በኋላ ከተተዉት 86.3 ከመቶ፣ ከጸዱት 83.6 ከመቶ በሕይወት ነበሩ። ስለዚህ «አንድ ሁለት ከተያዘ መተው ይቻላል» ተባለ። ብዙ ሰው ይህን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ግን እህትህ እዚያ ውስጥ የለችም። ጡቷ ሙሉ ተነስቷል፣ ጨረርም እንደማትወስድ ተቆጥሮ ነበር። ዜድ 0011 ጡታቸው የተነሳ ሴቶችን አላስገባም። ጨረሩ ብብቱን በከፊል ያገኘዋል፤ እሱን አውጥተህ ውጤቱን ብቻ መውሰድ አይቻልም። ቆይቶ በስዊድን የተመራው ሴኖማክ የተባለ ጥናት ጡታቸው የተነሳ ሴቶችንም አስገብቶ መተው እንደሚቻል አሳይቷል። እዚያም አብዛኞቹ ንፍፊታቸው አካባቢ ጨረር ወስደዋል።

ስለዚህ መንገዱ ሁለት ነው። ወይ ተመልሶ ብብቱን ማጽዳት፣ ወይ ብብቱና ደረቱ ላይ ጨረር። በአውሮፓ የተደረገ አማሮስ የሚባል ጥናት ሁለቱን አወዳድሯል። ካንሰሩ ተመልሶ ብብት ላይ መምጣቱ በሁለቱም ጥቂት ነው። ክንድ ማበጡ ግን በአምስተኛው ዓመት ከጸዱት 23 ከመቶ፣ ጨረር ከወሰዱት 11 ከመቶ ነው።

በሌላ አገር ብዙ ሐኪም ጨረርን ይመርጣል። እዚህ ግን ጨረሩ ወረፋ አለው፣ ጉዞ አለው። «ጨረር ትወስዳለች» ተብላ ወረፋ ላይ ብትቀር ብብቷም ሳይጸዳ፣ ጨረሩም ሳይመጣ ይቀራል። ይሄ ነው የኔ ፍርሃት። ስለዚህ እኔ ብሆን፣ ጨረሩ በእርግጥ በጊዜው የሚደርስ መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ ማጽዳቱን አስባለሁ።

ስላይድ ቆራጭ

አልስማማም። ሴትዮዋ 46 ዓመቷ ነው፣ ንፍፊቷም ተይዟል። ኬሞ መውሰዷ አይቀርም ብዬ አስባለሁ። ኬሞው ወራት ይፈጃል። ጨረሩ የሚመጣው ከኬሞው በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ወረፋ ቢያዝላት ኬሞው ሲያልቅ ሊደርስ ይችላል። ለዚያ ስትል ዛሬ ክንዷን ማስከፈል ተገቢ አይደለም።

ሌሊት ተረኛ

«ሊደርስ ይችላል» እና «ይደርሳል» አንድ አይደሉም። ወረፋው ውስጥ የጠፉ ሰዎች አይቻለሁ። ግን ነጥብህን እቀበላለሁ። ኬሞው ጊዜ ይሰጠናል። በሌላ በኩል ከኬሞ በኋላ ማጽዳት ከፈለግን ጠባሳ ውስጥ ገብተን ነው የምንሠራው፤ ያስቸግራል።

ሚትሚጣ

አንድ ነገር ልጠይቅ በቅንነት። ታዲያ ኬሞ የሚሰጣት ከሆነ ንፍፊቱን ማወቁ ራሱ ምን ለወጠ? ኬሞው ሁሉንም ይገድል የለ?

ሌሊት ተረኛ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ካንሰሩ በሆርሞን የሚነዳ ስለሆነ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ኬሞ ላያስፈልጋት ይችል ነበር፤ ኪኒኑ ብቻ ሊበቃ ይችል ነበር። በጄን ምርመራ የሚወስኑም አሉ፣ ውድ ነው። ንፍፊት ተይዟል ማለት ግን ኬሞውም፣ ጨረሩም፣ የሆርሞን መድኃኒቱም ይበልጥ ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ለዚህ ነው የምንፈልገው። ንፍፊትን ስናወጣ ካንሰርን እየነቀልን ብቻ አይደለም፤ ምን እንደሚጠብቀን እያየን ነው።

ደባርቄው

አባቴም በዚያው ነበር የተቸገረው፤ አሁን ገባኝ። 9ኙ ንጹሕ ስለነበሩ አልጀመሩለትም ነበር። ኋላ ወስነው ሰጡት። አሁን ደህና ነው።

የአዘዞዋ

ልጄ፣ ክንዷን ከምን እንደምትጠብቀው ከአሁኑ አስተምሯት። ብብቷ ጸዳም አልጸዳም። እጇን ቶሎ ማንቀሳቀስ ትጀምር፤ እኔ ፈርቼ አጣብቄ ይዤው ትከሻዬ ደረቀ። ምጣድ ላይ ጓንት። መርፌም በዚያ እጅ አይወጋ ብለውኛል።

ሌሊት ተረኛ

እትዬ፣ የደም ግፊት መለካትና መርፌው ላይ ማስረጃው ደካማ ነው፤ አንዳንዶች አያስጨንቅም ይላሉ። በግልጽ የሚጎዳው ቃጠሎ፣ ቁስልና የሚመረቅዝ ነገር ነው። ሌላው ክንድ ካለ ግን ያንን መጠቀሙ አይከፋም።

የማራኪው ታናሽ

እህቴ ከሁላችሁ በላይ የሰማችው እትዬን ነው። «ክንዴን አልሰጥም» አለች፣ ሌላ ሳንሰማ። አጎቴም ዛሬ ዝም ብሏል።

ነገ ሐኪሙ ጋ ስንሄድ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ላብራቶሪው ስላይዱን እንደገና አይቶ ካንሰሩ ከንፍፊቱ ቆዳ መውጣት አለመውጣቱን እንዲጽፍልን። ሁለተኛ፣ የጨረሩን ወረፋ ከኬሞው መጀመሪያ ጀምሮ ማስያዝ ይቻል እንደሆነ።

ስላይድ ቆራጭ

ስላይዱን ብቻ ሳይሆን ብሎኩንም፣ የሰም ቁራጩን፣ እንዲያስቀምጡላችሁ ንገር። አዲስ አበባ ከሄዳችሁ ይጠይቋችኋል። በየላቦራቶሪው የማስቀመጫ ጊዜው ይለያያል። ቅጂ አይደለም የምትቀበለው፣ ራሱን ነው፤ ስለዚህ ፈርመህ ውሰድ፣ ስሟ በትክክል መጻፉንም እይ።

ካንሰሩ ከንፍፊቱ ቆዳ ውጭ ከወጣ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ብዙ ሐኪም ያኔ ጨረሩን የግድ ያደርገዋል፤ አንዳንዱም ማጽዳትን ይጨምራል።

ሌሊት ተረኛ

ውጤቱን ስታገኝ እዚህ ለጥፍልን። ስሟንና የሆስፒታሉን ስም ሸፍነህ።